ከፀጉሩ በፊት ጥላው

ሐዋሳ ከሐይቋ በስተ ምሥራቅ የተቀመጠች ከተማ ናት። ይህ ተራ የሚመስል እውነታ በጥር ወር፣ ሠርግ በሚበዛበት ጊዜ፣ በፎቶ ቤቶች ኮምፒውተር ላይ መዘዙን ያሳያል። ሙሽሮች ወደ ሐይቁ ዳር የሚወርዱት አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፍቅር ሐይቅም ሆነ አሞራ ገደል አካባቢ ቢቆሙ ደግሞ ውሃው ከጀርባቸው እንዲታይ ይፈልጋሉ። ሐይቁን ከጀርባ ማድረግ ማለት ለምዕራብ ጀርባ መስጠት ነው። ፀሐይ በጥር ከ11 ሰዓት በኋላ ከአድማሱ ከ20 ዲግሪ ብዙም አትርቅም፤ ስለዚህ ብርሃኑ ከሙሽራዋ ኋላ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ሲያጋጥመው ጠርዙን ወርቃማ አድርጎት ይቆማል። የሳሳ ፀጉር ሲያጋጥመው ግን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፍና ከሥሩ ያለውን ቆዳ ያበራዋል። በዓይን ሲያዩአት ፀጉሯ ምንም የማይል ሴት በፎቶው ላይ ከጆሮ ግንዷ በላይ የተራቆተች ትመስላለች።

በቀትር ማንሳቱም አያድንም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ግድም ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሌሎቹ ወራትም ቀትር ላይ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው። ከላይ የሚወርድ ብርሃን በመጀመሪያ የሚያርፈው ግንባርና የፀጉር መነሻ ላይ ነው። ላብ ወይም ቅባት ካለ ደግሞ የራስ ቆዳው ያብለጨልጫል። ስለዚህ የሳሳ የፀጉር ጠርዝ እንዲሞላለት የሚጠየቅ ኤዲተር ግማሹን ሥራ የሚሠራው ብርሃኑ ያመጣውን ለማስታገስ ነው። የጎደለው ፀጉር ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

ይህን ምዕራፍ በአንድ ዓይነት ፎቶ ላይ ብቻ እናቆየዋለን። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ፣ ፀጉሯ ከፊት ወደ ኋላ ተስቦ ከማጅራቷ በላይ የታሰረ፣ ከግራ ጆሮ ግንዷ በላይ ሦስት ጣት የሚያህል ቦታ የሳሳባት። ይህን የመረጥኩት በብዛት ስለሚመጣ ብቻ አይደለም። ይህ ዓይነቱ መሳሳት ለኤዲተሩ የሚተውለት ምልክት ስላለ ነው።

ሹሩባ ጠበቅ ተደርጎ ለዓመታት ሲሠራ፣ በላዩም የሚቀጠል ፀጉር ሲከብድ፣ የመጀመሪያውን ጉተታ የሚሸከመው ከግንባርና ከጆሮ ግንድ ዳር ያለው ፀጉር ነው። ሥሩ ሲደክም ይሳሳል። ነገር ግን የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ያለው ለጋ ፀጉር አጭርና ስስ በመሆኑ ከሹሩባው ጋር አብሮ አይያዝም፤ ስለዚህ አይጎተትም፤ ስለዚህም ይተርፋል። የቆዳ ሐኪሞች መሳሳቱ ከጉተታ የመጣ መሆኑን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ይህች የተረፈች ስስ ረድፍ ናት። ፎቶውን አጉልቶ የሚያይ ሰው ያገኛታል፦ ግንባር፣ ቀጥሎ ስስ የለጋ ፀጉር ረድፍ፣ ቀጥሎ ባዶ የሚመስል ቦታ፣ ከዚያ ሙሉው ፀጉር። ያቺ ረድፍ የፀጉሩ ድንበር በፊት የት እንደነበረ ትነግረናለች። የምንሞላው ከእሷ ወደ ኋላ ያለውን ነው፤ ከእሷ ወደ ፊት አንድም ፀጉር አንጨምርም። በወንዶች ላይ በዘር የሚመጣው የግንባር መግባት እንዲህ ያለ ግልጽ ድንበር ስለማይተው፣ እዚያ ኤዲተሩ ድንበሩን ራሱ መገመት ይኖርበታል። ብዙ ጊዜም ይስታል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ስሌት ማወቅ ይጠቅማል። በ24 ሜጋፒክሰል ካሜራ በቁመት የተነሣ ፎቶ 6000 ፒክሰል ይረዝማል። ክፈፉ ከአናት እስከ ደረት 60 ሴንቲ ሜትር ከያዘ፣ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 100 ፒክሰል፣ ለአንድ ሚሊ ሜትር 10 ፒክሰል ይደርሳል። የአንድ ዘለላ ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር ቢሆን በፎቶው ላይ አንድ ፒክሰል እንኳ አይሞላም። ማለትም ስክሪኑ ላይ አንድ ፀጉር መስሎ የሚታየን አንድ ፒክሰል የሆነ ፈዘዝ ያለ ጥቁረት፣ ወይም ተጠጋግተው የተኙ የብዙ ዘለላዎች ድምር ነው። ባለ 5 ፒክሰል ብሩሽ ይዞ ፀጉር የሚስል ሰው ሰባት ፀጉር የሚያህል ገመድ እየሳለ ነው። አዲስ ኤዲተሮች የሠሩት ጠርዝ በኩል የተሳለ የሚመስለው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀለሙን ቢቀያይሩ፣ ኦፓሲቲውን ቢቀንሱ አይስተካከልም።

ከዚህ ስሌት የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ዘለላዎቹ እያንዳንዳቸው የማይታዩ ከሆኑ፣ ዓይናችን ፀጉር ሙሉ ነው ወይም ሳስቷል ብሎ የሚፈርደው በምን አይቶ ነው? በመሃላቸው ባለው ቆዳ ጥቁረት ነው። ጥቅጥቅ ባለ ፀጉር ሥር ያለ ቆዳ ብርሃን ስለማያገኝ ይጠቁራል። ፀጉሩ ሲሳሳ ያው ቆዳ ብርሃን ያገኝና ይፈካል። ዓይን የሚያነበው ይህን መፍካት ነው። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ብዙዎች ከሚያደርጉት ተቃራኒ መሆን አለበት፦ መጀመሪያ ጥላው፣ ከዚያ ፀጉሩ።

ፎቶሾፕ ላይ አዲስ ባዶ ሌየር ተከፍቶ ዓይነቱ Multiply ይደረጋል። ቀለሙ ከፎቶው ራሱ ይወሰዳል፦ ሙሉ ከሆነው ፀጉር ውስጥ፣ በሁለት ክምር መካከል የሚታይ ጥላ ያረፈበት ቆዳ ተፈልጎ። ይህ ቀለም ጥቁር አይደለም፤ በአብዛኞቻችን ቆዳ ላይ ወደ ቀይ የሚያደላ ጥልቅ ቡናማ ነው። ንጹሕ ጥቁር የሚቀባ ሰው ኩል የፈሰሰ የሚመስል አመድማ እድፍ ያገኛል። ብሩሹ ጠርዙ ለስላሳ ሆኖ Flow 5 በመቶ ላይ ይደረግና ሙሉው ፀጉር ካለበት በኩል ወደ ግንባሩ እየሳሳ እንዲሄድ በትንሽ በትንሹ ይነካካል። ለጋዋ ረድፍ ላይ ሲደርስ ጥላው አልቆ መገኘት አለበት። በሙሽራችን ፎቶ ላይ የሳሳው ቦታ ቁመቱ 3፣ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ በፒክሰል 300 በ200። ጥላው ብቻ ከተቀባ በኋላ ፎቶውን አሳንሶ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከግማሽ በላይ ጠፍቶ ይገኛል። አንዳንዴ እዚሁ ማቆም ይሻላል፤ በተለይ ፎቶው በትንሽ መጠን የሚታተም ከሆነ።

ጥላውን ያልሠራ ሰው የቆዳውን መፍካት የሚሸፍነው ፀጉር በፀጉር ላይ በመደራረብ ነው፤ ያኔ ጠርዙ ይወፍርና ደንበኛዋ መጥታ «ዊግ አድርጋችሁብኛል እንዴ?» ትላለች። ልክ ናት።

አሁን ወደ ፀጉሩ እንምጣ። ከአንድ ቦታ ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚያትመው መሣሪያ፣ ክሎን ስታምፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ፎቶሾፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ሲቀርብም አብሮት ነበር። ከዚያ በፊት ፀጉር መጨመር እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ነበር፤ ቤድሮስ ቦያጂያን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሣ በነበረበት በመስታወት ኔጌቲቭ ዘመን፣ ኔጌቲቩ ላይ በእርሳስ የተጨመረ ነገር ሁሉ ሲታተም የሚወጣው ነጭ ሆኖ ነው። መጨማደድን ለማጥፋት ይህ ይመቻል። ጥቁር ፀጉር ለመጨመር ግን ወይ ኔጌቲቩን በስለት መፋቅ፣ ወይ የታተመውን ወረቀት በቀጭን ብሩሽ መቀባት ግድ ነበር። የዛሬው ኤዲተር ቢሳሳት ሌየሩን ይሰርዛል፤ ያኔ የተፋቀ ኔጌቲቭ አይመለስም።

ከየት እንቅዳ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በሙሽራችን ፎቶ ላይ የቀኝ ጆሮ ግንዷ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ እሱን ቆርጦ፣ አገላብጦ ግራው ላይ መለጠፍ የመጀመሪያው ፈተና ነው። አይሠራም። ፎቶ አንሺው ፊቷን ለማብራት ነጭ አንጸባራቂ ያስያዘው በቀኟ በኩል ነበር። የቀኙ ፀጉር እያንዳንዱ ክምር ላይ ብርሃን፣ በክምሮቹ መካከል ደግሞ ጥልቅ ጥላ አለው። የግራው በጥላ ውስጥ ስለሆነ ብርሃንና ጨለማው ተቀራርቧል። የቀኙን አምጥተን ብናጠቁረው እንኳ ልዩነቱ ይቀራል፤ ጥቁር ቢሆንም ብርሃን የመታው ፀጉር መሆኑ ያስታውቃል። ትክክለኛው ምንጭ እዚያው በግራ በኩል፣ ከሳሳው ቦታ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወይም ወደ ላይ ያለው ፀጉር ነው።

ከዚያ በላይ ወደ ኋላ መሄድ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በf/1.8 ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ሲያነሳ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት በጠቅላላው 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ዓይኗ ጥርት ካለ የጆሮ ግንዷ ፀጉር ትንሽ ደብዝዟል፤ ከጆሮዋ ኋላ ያለው ደግሞ ጭልጭል ብሏል። ከኋላ የተቀዳ ፀጉር ጠርዙ ላይ ሲለጠፍ ጭጋግ ያረፈበት ይመስላል። ከግንባሯ መሃል የተቀዳው ደግሞ ለቦታው ከመጠን በላይ ጥርት ይላል። ሁለቱም የሚያጋልጡት ቀለማቸው ልክ ሆኖ ሳለ ስለሆነ፣ ኤዲተሩ ምን እንደተበላሸ ሳያውቅ ቀለም ሲያስተካክል ይውላል።

ምንጩ ከተመረጠ በኋላ አቅጣጫው ይመጣል። ወደ ኋላ የተሳበ ፀጉር በአንድ አቅጣጫ የተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጆሮዋ አጠገብ ያለው ወደ ጎን ተኝቶ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ወደ ላይ ቀና እያለ ይሄዳል። በዚያች ትንሽ ቦታ ውስጥ ፀጉሩ 25 ወይም 30 ዲግሪ ይዞራል። አንድ ትልቅ ቁራጭ ቆርጦ የሚለጥፍ ሰው ይህን መዞር ያጣዋል፤ ከታች ልክ የሆነው ከላይ ይጣመማል። ስለዚህ በላሶ ሦስት ትንንሽ ቁራጮች እንወስዳለን፤ እያንዳንዱ ቢበዛ 150 ፒክሰል፣ ጠርዙ በ10 ፒክሰል የለሰለሰ። Ctrl+J እያንዳንዱን በራሱ ሌየር ያስቀምጠዋል፤ Ctrl+T ያዞረዋል። የታችኛው ምንም ሳይዞር፣ የመካከለኛው 12 ዲግሪ ግድም፣ የላይኛው 25 ግድም ዞሮ ይቀመጣል። ትክክል መሆኑን የሚፈርደው ቁጥሩ አይደለም፤ ከአጠገቡ ያለው እውነተኛ ዘለላ ነው። ቁራጩን መለጠጥ ግን አይበጅም። ከአንድ አሥረኛ በላይ ከሰፋ የፀጉሩ ውፍረትና የፎቶው ቅንጣት ከአካባቢው ይለያል።

ቁራጮቹ ከተቀመጡ በኋላ በጥቁር ማስክ ሙሉ በሙሉ ይደበቁና በትንሽ ነጭ ብሩሽ በፀጉሩ አቅጣጫ እየተጫሩ ይገለጣሉ። ከዚያ በቁራጮቹ መካከል የቀረውን ስፌት ለመዝጋት ክሎን ስታምፕ ይመጣል። አዲስ ሌየር ተከፍቶ ከላይ ባለው ረድፍ Sample የሚለው Current & Below ላይ ይደረጋል፤ አለዚያ መሣሪያው ከባዶው ሌየር ባዶ ይቀዳል። Aligned በርቶ ይቆያል። ከጠፋ፣ እያንዳንዱ ጭረት ከአንድ ነጥብ ስለሚነሣ ያቺው ጥምዝ አምስት ቦታ ትታተማለች። በAlt ተጭኖ የሚወሰደው ምንጭ በየሁለት በየሦስት ጭረቱ ይቀየራል።

የዚህ ሌየር ዓይነት Darken ቢሆን ትልቅ እፎይታ ነው። Darken ከታች ካለው የጠቆረውን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ከፀጉሩ ጋር አብሮ የተቀዳው ፈካ ያለ ቆዳ ይቀርና ጥቁሩ ዘለላ ብቻ ይተላለፋል። የቆዳ ቀለም ማስማማት የሚባለው ጣጣ አብዛኛው በዚህ ይቀልላል። ግን ገደብ አለው። በፀጉሩ ላይ ያለው ብልጭታም ፈካ ያለ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል፤ በDarken ብቻ የተሞላ ቦታ ጠፍጣፋ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ከጠርዙ ዳር ላለው ስስ ክፍል ብቻ ቢውል ይሻላል፤ ወደ ሙሉው ፀጉር የሚጠጋው ክፍል በNormal ይሠራል። ሽበት ላላቸው እናቶች ፎቶ ነገሩ ይገለበጣል፦ ነጩን ዘለላ የሚያስተላልፈው Lighten ነው።

የመጨረሻው ነገር የክምችቱ አወራረድ ነው፤ የቀሩት ሥራዎች ልክ ሆነው እንኳ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነው። የፀጉር ጠርዝ ስንል መስመር እናስባለን እንጂ መስመር አይደለም። ፀጉር የሚተክሉ ሐኪሞች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ፀጉር ከቆዳ የሚወጣው በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዘለላ በተቧደኑ ሥሮች ሲሆን፣ ሐኪሞቹ ከፊት ባለው ረድፍ የሚተክሉት ባለ አንድ ዘለላውን ብቻ ነው፤ ያውም ሆን ብለው ወጣ ገባ እያደረጉ። ባለ ሁለትና ባለ ሦስቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለቆዳም ለስክሪንም ያው ሕግ ይሠራል። በሙሽራችን ፎቶ ላይ ከለጋዋ ረድፍ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆዳ እያሳየ መቆየት አለበት፤ ቀጣዩ አንድ ሴንቲ ሜትር ቆዳውን አልፎ አልፎ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚዘጋው። ለጋዎቹ ዘለላዎች በ1 ፒክሰል ብሩሽ፣ በግማሽ ኦፓሲቲ፣ አንዱ ረዘም ሌላው አጠር ተደርገው ጥቂት ይጨመራሉ። ፀጉሩ ሉጫ ወይም ዞማ ከሆነ ዘለላው ረጋ ያለ ቅስት ነው። ከርዳዳ ከሆነ ቀጥ ያለ ጭረት ፈጽሞ አይሠራም፤ ትንንሽ ጥምዝ ነው የሚያስፈልገው፣ እሱን ደግሞ ከመሳል ከእውነተኛው ፀጉር ዳር መቅዳት ይሻላል።

ወንዶች ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ፀጉር ቤት ሄዶ ግንባሩን በማሽን ቅርጽ ያስወጣ ወጣት ጠርዙ በእርግጥም ቀጥ ያለ መስመር ነው። እሱን አለሳልሳለሁ ማለት ፀጉር አስተካካዩ የሠራውን ማፍረስ ነው። እዚያ የሚቀዳው ዘለላ ሳይሆን ነጠብጣብ ነው፤ በጣም አጭር የተቆረጠ ፀጉር ከፊት ሲታይ ነጥብ ነውና።

ሥራው ማለቁን ለማወቅ በ200 በመቶ አጉልቶ ማየት ያታልላል። ያን ያህል የቀረበ ዓይን ዘለላ እንጂ ጠርዝ አያይም። ፎቶው በሚታተምበት መጠን ግድም አሳንሶ፣ ከወንበር ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ርቆ ማየት፤ ከዚያ ምስሉን ግራ ቀኝ ገልብጦ ማየት ይሻላል። ሲገለበጥ ዓይን የለመደውን ያጣና የተደጋገመች ጥምዝ ብቅ ትላለች። ሌላው ፈተና ከላይ የCurves ሌየር ጨምሮ ለጊዜው ጨለማውን እጅግ ማፍካት ነው። በደኅናው ብርሃን ያልታየ የጥላ ጠርዝ፣ ቡናማ ክብ እድፍ፣ ወይም ቁራጩ የተቆረጠበት ድንበር ካለ ያን ጊዜ ይወጣል። ይህ በተለይ ለትልልቅ የግድግዳ ፎቶዎች ያስፈልጋል፤ የማተሚያው ወረቀት ከስክሪኑ የፈካ ሆኖ ሲወጣ የተደበቀው ሁሉ ይገለጣልና።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፀጉር ሲሳሳ እንጂ ሲጠፋ አይደለም። ከሳሳው ቦታ ቢያንስ ሲሶው እውነተኛ ፀጉር ከሌለ አቅጣጫውን የሚነግረን፣ ጥላውን የሚያስተምረን ነገር የለም፤ የምንሠራው ሁሉ ግምት ይሆናል። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣ ደንበኛዋን ጠርቶ፣ ሰው በሌለበት፣ ነጠላዋን ትንሽ ወደ ፊት አድርጋ ወይም ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ከ11 ሰዓት በኋላ እንደገና ብትነሣ እንደሚሻል መንገር ከሰዓታት ክሎን ይበልጣል። ፊቷ ወደ ምዕራብ ሲሆን ዝቅ ያለችው ፀሐይ ከፊት ትመታታለች፤ ከፀጉሯ በላይ የሚወርድ፣ ከኋላዋም ሰንጥቆ የሚያልፍ ብርሃን አይኖርም። ሐይቁ ከጀርባዋ አይታይም፤ ጠርዟ ግን ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ነገር ለፎቶ ቤት ባለቤቶች፦ ከዚያው ቀረጻ ላይ ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ እንዲወጣ የሚጠይቁ ደንበኞች አሉ። የፓስፖርት ፎቶ የሰውየውን መልክ የሚቀይር ምንም ዓይነት ኤዲት አይፈቀድለትም፤ የተሞላ የፀጉር ጠርዝም ከዚያው ይቆጠራል። ስለዚህ ያልተነካውን ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ፤ ለፓስፖርት የሚቆረጠው ከእሱ ብቻ ይሁን።